አበባ ላለበት ሶፋ መጋረጃና ምንጣፍ መምረጥ

(በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር፣ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ)

የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ የቅዳሜ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መጋረጃ ልታሰፉ ወደ ሱቄ ስትመጡ ከሁሉ በላይ የሚደጋገምብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሶፋዬ አበባ አለበት፤ ምን ይሄድለታል?» የምትሉት። ሌላ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ በሁለት ቃል መልሼ ስሸኛችሁ ቅር ይለኛል፤ ምክንያቱም ጥያቄው ሁለት ቃል አይበቃውም። ዛሬ ጊዜ ስላለን ተቀምጠን እንነጋገርበት።

የምናገረው በዋናነት ስለ አንድ ሁኔታ ነው። ሶፋው አስቀድሞ ቤት ውስጥ አለ፣ አበባ ወይም ሌላ ንድፍ አለበት፣ መጋረጃውና ምንጣፉ ግን ገና ሊገዙ ነው። ይህን የመረጥኩት በእኛ አካባቢ የሚበዛው እርሱ ስለሆነ ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ ስንመጣ ሶፋችንን ጭነን ነው የመጣነው። ሶፋ ውድ ነው፣ ቶሎ አይቀየርም፤ የድሮው ቤት መጋረጃ ግን ለአዲሱ መስኮት ያጥራል ወይም ይጠባል፤ ምንጣፉም ለአዲሱ ወለል አይሆንም። ስለዚህ ሶፋው ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ሁለቱ እርሱን ተከትለው ይገዛሉ።

አንዲት ጎረቤታችን ፈቅዳልኝ የእርሷን ቤት ምሳሌ አደርገዋለሁ። ሳሎኗ 4.20 ሜትር በ3.60 ሜትር ነው። ባለ ሦስትና ባለ ሁለት መቀመጫ ሶፋዎቿ በማዕዘን ገጥመው ተቀምጠዋል። የጨርቁ መደብ ክሬም ነው። በላዩ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ወይን ጠጅ አበቦች፣ የወይራ ቅጠል የመሰሉ አረንጓዴ ቅጠሎች፣ በመካከላቸውም ሰናፍጭ ቀለም ያላቸው ቀጫጭን ሐረጎች አሉበት። ግድግዳዋ ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ ነው። መስኮቷ የሚያየው ወደ ምዕራብ ነው፤ ይህን አስታውሱልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

እርሷም እንደ ብዙው ሰው አሰበች። «ሶፋው ላይ የሚያምረው አበባው ነው፤ መጋረጃው አበባውን ይምሰል» ብላ ወይን ጠጅ መጋረጃ አሰፋች። ምንጣፉንም «ቀይ አለበት፤ ይስማማል» ብላ ትልልቅ ንድፍ ያለበት ቀይና ሰማያዊ ገዛች። ሦስቱም ለየብቻቸው ሲታዩ ቆንጆዎች ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ ብታዩዋቸው አንዱንም አትነቅፉም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ጠርታኝ ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ ገብቼ ስቆም የሶፋው መደብ ክሬም መሆኑ ጠፍቶ ሮዝ መስሏል። አረንጓዴዎቹ ቅጠሎች ጠቁረው የደረቁ ይመስላሉ። ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ከመጋረጃው ወደ ምንጣፉ፣ ከምንጣፉ ወደ ሶፋው ይዞራል። እርሷም «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እዚህ ስቀመጥ ይደክመኛል» አለችኝ።

የሆነውን ነገር ቀስ ብለን እንየው፤ ሦስት ነገሮች ተደራርበው ነው።

የመጀመሪያው የመጠን ነገር ነው። ሁለቱን ሶፋዎች ከፊት ለፊት ስናያቸው የሚታየው ጨርቅ በግምት 3 ካሬ ሜትር ነው። ወይን ጠጁ አበባ ከዚያ ላይ የሚይዘው ከአራት አንድ እጅ ያህል ነው፤ ማለትም ተደምሮ አንድ ካሬ ሜትር አይሞላም። መጋረጃው ግን 2.20 ሜትር ስፋትና 2.40 ሜትር ቁመት አለው፤ ከ5 ካሬ ሜትር በላይ ነው። ሶፋው ላይ እንደ ቅመም በትንሹ የገባው ቀለም መጋረጃው ላይ ሲደርስ ሰባት እጥፍ ያህል ሆነ። በርበሬ ወጡ ውስጥ ጣፍጦ ሳለ ማሰሮውን በበርበሬ እንደ መሙላት ነው። ቀለሙ ራሱ ቢሆንም ድርሻው ስለተገለበጠ ሶፋውን ሊያጅበው አልቻለም፤ ዋጠው።

የሐበሻ ቀሚሳችን ይህን ጥሩ አድርጎ ያስተምረናል። ነጩ ሸማ መደብ ነው፤ ጥለቱ አንገት ላይ፣ እጅጌው ላይ፣ ጫፉ ላይ ይገባል። ነጠላው ሲመጣ ደግሞ ሰፊው አካሉ እንደገና ነጭ ነው፤ ጥለቱ ጫፉ ላይ ብቻ ይደገማል። ጥለቱ ቀይ ስለሆነ ብሎ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነጠላ የሚያለብስ የለም። ሰፊው ነገር ሰፊውን ቀለም ይከተላል፣ ጠባቡ ጠባቡን። መጋረጃ ደግሞ በሳሎን ውስጥ ከሰፊዎቹ ነገሮች አንዱ ነው።

ሁለተኛው የብርሃን ነገር ነው፤ ከልምዴ እንደማየው ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ምንጣፍና ሶፋ ብርሃን ያርፍባቸዋል። መጋረጃ ግን ብርሃን ያልፍበታል። ቀን ቀን የተዘጋ መጋረጃ የሚያሳልፈው ብርሃን የራሱን ቀለም ይዞ ነው ወደ ቤት የሚገባው። ወይን ጠጅ መጋረጃ ቀዩን ያሳልፋል፣ አረንጓዴውን ያስቀራል። አረንጓዴ ቅጠል ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ እንዲታይ አረንጓዴ ብርሃን እንዲያርፍበት ያስፈልጋል፤ ከሌለ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ይመስላል። ነጭና ክሬም ግን የመጣላቸውን ብርሃን ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ሮዝ ሆኑ። የእርሷ መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ቀጥ ብሎ መጋረጃው ላይ ይመታል። ሶፋዋ የተበላሸባት መስሏት ነበር፤ የተቀየረው ግን የሚያርፍበት ብርሃን ነው። መጋረጃውን ገልጠን ፀሐዩ በቀጥታ ሲገባ ክሬሙም አረንጓዴውም በአንድ ጊዜ ተመለሱ፤ በዓይኗ አየችው።

የመስኮታችሁን አቅጣጫ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማይርቅ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያዩ መስኮቶች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያገኛሉ። ወደ ደቡብ የሚያዩት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፀሐዩ ይገባባቸዋል። ወደ ሰሜን የሚያዩት ፀሐይ የሚደርስባቸው በክረምቱ ወራት ነው፤ ያኔም ብዙውን ጊዜ ደመና ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሰሜን ያለ ሳሎን ውስጥ ደማቅ መጋረጃ የሚያደርሰው ጉዳት ያን ያህል አይደለም። ምዕራብና ምሥራቅ ላይ ግን ይብሳል።

ሦስተኛው ምንጣፉ ነው። ሶፋው ላይ ያለው አበባ መዳፍ ያህላል፤ ምንጣፉ ላይ ያለው ንድፍም መዳፍ ያህላል። ሁለት ንድፎች በመጠን እኩል ሲሆኑና ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን የትኛው ፊት፣ የትኛው ኋላ እንደሆነ መለየት ይሳነዋል። የድካሙ ምክንያት ይኸው ነበር። ሁለት ንድፍ አንድ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይገባም አልልም፤ ይገባል። ነገር ግን አንዱ ትልቅ ከሆነ ሌላው በጣም ትንሽ ይሁን፣ ወይም አንዱ አበባ ከሆነ ሌላው ቀጭን መስመር ይሁን። ወርዱ 4 ሜትር በማይሞላ ሳሎን ውስጥ ደግሞ እኔ ሁለተኛውን ንድፍ ባላስገባ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ማስተካከሉ እንሂድ። ከሁሉ አስቀድሞ ያደረግነው ነገር ሶፋውን ማንበብ ነው፤ የምናነበውም ከሁለት ቦታ ነው።

አንደኛ፣ በር ላይ ቆማችሁ። ሶፋውን ከሦስት ወይም ከአራት ሜትር ርቀት ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት፤ አበቦቹ ይጠፋሉ፣ ቅጠሉና ሐረጉ ይቀላቀላሉ፣ አንድ የደበዘዘ ቀለም ብቻ ይቀራል። እንግዳ ቤታችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ቀለም ነው። ንድፉ ትንሽ በሆነ ቁጥር ቶሎ ይቀላቀላል፤ ቀይና አረንጓዴ ደቃቅ አበባ ያለበት ጨርቅ ከሩቅ ቡናማ ነው የሚመስለው፣ ቀዩም አረንጓዴውም አይታይም። በጎረቤታችን ሶፋ ላይ ከሩቅ የታየን ሞቅ ያለ ፈዛዛ ቡናማ ነው፤ ወተት የበዛበት ቡና ያህል። ይህ ቀለም ጨርቁ ላይ በክር የለም። ለምንጣፍ ግን ዋናው መነሻ እርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅርብ ሆናችሁ። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ቀለማቱን በብዛታቸው ቅደም ተከተል ጥሯቸው። እዚህ ክሬም አንደኛ፣ ወይን ጠጅ ሁለተኛ፣ አረንጓዴ ሦስተኛ፣ ሰናፍጭ አራተኛ ነው። መደቡ መጋረጃ ይሆናል። ከሩቅ የታየው ቅልቅል፣ ወይም ከእርሱ የጠቆረው፣ ምንጣፍ ይሆናል። ደማቁ ለትንንሽ ነገር ይቀመጣል፤ ለትራስ፣ ለአበባ ማስቀመጫ። የእኔ አሠራር ይኸው ነው፤ ሌላ ባለሙያ ሌላ ሊላችሁ ይችላል፤ ለትንሽ ሳሎን ግን እስካሁን ያሳፈረኝ ጊዜ የለም።

ቀለሙን በቃል ይዛችሁ ወደ ገበያ አትሂዱ። ክሬም የሚባል አንድ ቀለም የለም። ወደ ቢጫ የሚያደላ ክሬም አለ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ አለ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላም አለ። ለየብቻ ስታዩዋቸው ሁሉም ክሬም ናቸው፤ ጎን ለጎን ስታደርጓቸው ግን አንዱ ሌላውን የቆሸሸ ያስመስለዋል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ነጭ ወረቀት አጠገቡ ማድረግ ይበቃል፤ ማድላቱ ወዲያው ይወጣል። የስልክ ፎቶም አትመኑ፤ ካሜራው በክፍሉ ብርሃን ልክ ቀለሙን ራሱ ስለሚያስተካክለው ክሬሙን አንዴ ነጭ፣ አንዴ ቢጫ ያደርገዋል። የሶፋችሁ መቀመጫ ወይም ትራስ ዚፕ ካለው ልብሱን አውልቃችሁ በፌስታል ይዛችሁት ሂዱ። ዚፕ ከሌለው ሶፋውን ገልብጡት፤ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ታጥፎ የተመታ ትርፍ ጨርቅ ይገኛል፤ ከዚያ ጣት የምታህል ቁራጭ መቁረጥ ይቻላል። ከሥር ያለው ፀሐይ ስላላየ ከላዩ ትንሽ ሊደምቅ እንደሚችል ግን አስቡበት፤ ስለዚህ ዚፑ ካለ እርሱ ይሻላል።

መርካቶም ሂዱ ሾላ፣ ጨርቁን በሱቁ መብራት ሥር ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የሱቁ መብራት አንዳንዴ ሰማያዊነት አለው፤ እዚያ የተስማሙ ሁለት ክሬሞች ቤት በቀን ብርሃን ሲታዩ ይለያያሉ። ባለሱቁን ጠይቃችሁ ጨርቁን ይዛችሁ በር ላይ ውጡ። ቀጥሎም ጨርቁን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጋችሁ በእርሱ ውስጥ ብርሃኑን እዩት። ቤት ውስጥ ቀን ቀን የምታዩት ያንን ነው። በሩ ላይ ስታዩት ክሬም የነበረ፣ ወደ ላይ ሲያዝ ግን ሎሚ የሚመስል ጨርቅ አጋጥሞኝ ያውቃል። ሌሊት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ብርሃን ስለሌለ የጨርቁ ፊት ብቻ ይታያል። ስለዚህ ሁለቱንም ፈትኑ፤ ፊቱን ለማታ፣ ብርሃን የሚያልፍበትን ለቀን።

የገዛነው ከሶፋው መደብ ጋር በማድላቱ አንድ የሆነ፣ በድምቀቱ ግን በግልጽ የጠቆረ ክሬም ነው። በጣም የተቀራረበ ግን እኩል ያልሆነ ቀለም ሲታይ ሰው «ሊያመሳስሉት ሞክረው ሳተባቸው» ይላል፤ ትንሽ ራቅ ሲል ግን ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስላል። ወይ በትክክል አንድ ይሁን፣ ወይ ልዩነቱ ከበር ላይ የሚታይ ይሁን። መካከሉ ላይ አትቁሙ።

የጨርቁን ልክ እንዲህ አወጣን። መስኮቱ 1.80 ሜትር ነው። ዘንጉን በሁለቱም ጎን 20 ሳንቲ ሜትር አስረዘምነው፤ መጋረጃው ሲከፈት መስታወቱን ለቆ ግድግዳው ላይ እንዲሰበሰብ ነው። ዘንጉ 2.20 ሆነ። ሽንሽኑ በደንብ እንዲወርድ የዘንጉን ልክ በሁለት ማባዛት ነው፤ 4.40 ሜትር። መጋረጃው ሁለት ክንፍ ስላለው አራት ጠርዞች አሉት፤ ለእያንዳንዱ እጥፋት 5 ሳንቲ ሜትር ስንሰጥ 20 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። 4.60 ሜትር ገዛን። ብዙ የመጋረጃ ጨርቅ ወርዱ 2.80 ሜትር ስለሆነ ወርዱ ቁመት ይሆናል፤ መቀጣጠል አያስፈልግም። ጨርቁ ጥጥ ቢሆን ኖሮ ሲታጠብ ስለሚገባ ከመሰፋቱ በፊት ነክሬ አደርቀው ነበር። ለዚህ ቤት ደግሞ ገበር ጨመርን፤ የምዕራብ ፀሐይ ቀለም ያነጣል፤ ገበሩ መጋረጃውንም ሶፋውንም ያድናል፤ የሚያልፈውንም ብርሃን ይቀንሰዋል።

አሁን ምንጣፉ። እዚህ ሰፈር ስለ ምንጣፍ ሲወራ ስለ አፈሩ ሳይነሳ አይታለፍም። ያለንበት መሬት መረሬ ነው። በክረምት ጫማ ላይ ተጣብቆ ይገባል፣ በበጋ አቧራ ሆኖ በመስኮት ይገባል። ፈዛዛ ልሙጥ ምንጣፍ ጭቃውን ያሳያል። ጥቁር ልሙጥ ምንጣፍ ደግሞ አቧራውንና ብናኙን ያሳያል፤ ሰዎች «ጥቁር አያሳይም» ብለው ይገዙና በሳምንቱ ያዝናሉ። አበባ ያለበት ምንጣፍ ሁለቱንም ይደብቃል፤ እርሷ ያንን ቀይና ሰማያዊ የገዛችበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር፤ ትክክልም ነበረች። ሶፋው አበባማ ስለሆነ ግን ምንጣፉን አበባማ ማድረግ አልቻልንም።

መውጫው የተቀላቀለ ክር ያለበት ምንጣፍ ነው። ከቅርብ ሲያዩት ሁለት ሦስት ዓይነት ክር አለበት፤ ቡናማ፣ ወይራማ፣ ጥቂት ክሬም። ከበር ላይ ሲያዩት ግን ልሙጥ ነው። ሶፋው ከሩቅ አንድ ቀለም እንደሚሆነው ሁሉ ምንጣፉም ከሩቅ አንድ ቀለም ይሆናል፤ ከቅርብ ግን አቧራውም ጠብታውም ክሮቹ መካከል ይጠፋል። ከሶፋው የሩቅ ቀለም ጠቆር ያለውን መረጥን፤ ወለሉ ከሶፋው ሲከብድ ሶፋው የተደላደለ ይመስላል። በጀት ያላችሁ ደግሞ ከበግ ፀጉር በእጅ የሚሠራውን የአገራችንን ምንጣፍ እዩ። ያልተነከረ የበግ ፀጉር ቡናማው፣ ግራጫው፣ ነጩ ራሱ በተፈጥሮው የተቀላቀለ ነው፤ ከአበባማ ሶፋ ሥር እንደ እርሱ የሚያርፍ ነገር አላየሁም። ቡና ለምታፈሉም ሌላ ጥቅም አለው፤ የፍም ፍንጣሪ ቢወድቅበት ይለበልበዋል እንጂ አይቀልጥም፤ ከፕላስቲክ ክር የተሠራው ግን ወዲያው ቀልጦ የማይጠፋ ጠባሳ ይይዛል።

መጠኑን ስንወስን ጥያቄው ስለ ቀለም ሳይሆን ስለ በር ሆነ። የሶፋው የፊት እግሮች ምንጣፉ ላይ እንዲወጡ እፈልጋለሁ፤ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ሥሩ ይግባ፤ አለዚያ ምንጣፉ መሐል ላይ የተጣለ ይመስላል። በመጀመሪያ 2 ሜትር በ3 አስበን ነበር። ሶፋዎቹ ከግድግዳ ወደ ፊት 90 ሳንቲ ሜትር ይወጣሉ፤ ምንጣፉ 20 ሳንቲ ሜትር ሥራቸው ሲገባ ከግድግዳው 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጀምራል። ከዚያ 3 ሜትር ሲዘረጋ 3.70 ይደርሳል፤ ሳሎኑ 4.20 ስለሆነ የሚቀረው 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የመግቢያው በር ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ 90 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ምንጣፉን እየገፋ ያጥፈው ነበር። 1.60 በ2.30 ሲሆን ግን 3 ሜትር ላይ ያበቃል፤ ከሶፋው ጫፍ ጋር እኩል ነው፤ ለበሩና ለጫማ 1.20 ሜትር ይተርፋል። ከመግዛታችሁ በፊት ልኩን ወለሉ ላይ በጋዜጣ ዘርግታችሁ በሩን ክፈቱት ዝጉት።

ምንጣፉን ስታነጥፉ አንድ ነገር ሞክሩ። ፀጉር ያለው ምንጣፍ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው፤ በእጃችሁ ስትዳስሱት በአንዱ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሻክራል። ከአንዱ ጫፍ ሆናችሁ ስታዩት ይፈዛል፣ ከሌላው ጫፍ ይጠቁራል፤ ምንጣፉ ግን ያው ነው። ከፋይ ሶፋም እንዲሁ ነው። ጎረቤታችን መጀመሪያ ስታነጥፈው ደውላ «የገዛነው አይደለም፤ ቀይረውብኛል» ብላኝ ነበር። ሄደን አዙረን ስናነጥፈው ከበር ሲታይ የፈለግነው ጠቆር ያለ ወይራማ ቡናማ ሆነ። ሱቅ ውስጥም ከሁለቱም ጫፍ አይታችሁ የወደዳችሁት ቀለም ከየትኛው ጫፍ የሚታየው እንደሆነ ምልክት አድርጉበት።

የወይን ጠጁ መጋረጃ አልተጣለም። ከአንዱ ክንፍ 45 በ45 የሆኑ ሦስት የትራስ ልብሶች ወጡ፤ ተደምረው 0.6 ካሬ ሜትር ያህል ናቸው። አበባው ላይ ሲቀመጡ ልሙጥ ስለሆኑ ንድፉን ያሳርፉታል፣ ቀለሙን ደግሞ ይደግሙታል። ቀይና ሰማያዊው ምንጣፍ ወደ መኝታ ቤት ገባ፤ እዚያ አልጋ ልብሷ ልሙጥ ስለሆነ ንድፉ ብቻውን ነግሷል።

የሌሎቻችሁ ሁኔታ የተገላቢጦሽ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ልጨምር። ንድፉ ምንጣፉ ላይ ከሆነና ሶፋው ልሙጥ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ሶፋው ከምንጣፉ ቀለማት ውስጥ አንዱን እንደያዘ ብቻ አረጋግጡ፤ መጋረጃውን ወደ ግድግዳው ቀለም አስጠጉት። አዲስ ቤት ሁሉንም ከባዶ የምትገዙ ከሆነም ንድፉን ለምንጣፉ ስጡት እላለሁ፤ ስለ መረሬው ከላይ ባልኩት ምክንያት። ንድፉ መጋረጃው ላይ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ባለሱቁ ጨርቁን ዘርግቶ ነው የሚያሳያችሁ፤ ቤት ሲሰቀል ግን ይሸነሸናል፤ ግማሹ ጨርቅ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ትልቅ አበባ ሽንሽን ውስጥ ሲገባ ግማሽ ቅጠልና የተቆረጠ ግንድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጨርቁን በእጃችሁ ሰብስባችሁ፣ እንደሚሰቀለው አንጠልጥላችሁ እዩት፤ ከሶፋውም ጋር የምታስተያዩት ያኔ የሚታየውን ቀለም ነው።

ከመጨረሴ በፊት ቅድም በር ላይ አንዲት እናት «ልጄ፣ ዳንቴሌንስ ምን ላድርገው?» ብለው የጠየቁኝን ልመልስ፤ ጥያቄያቸው ትልቅ ነው። ዳንቴል ሶፋ ላይ ሲለብስ ራሱ ሌላ ንድፍ ነው፤ አበባ ላይ አበባ ይሆናል። የእጅ ሥራዎት ስለሆነ ግን አይታጠፍና ሳጥን አይግባ። ልሙጥ ቦታ ይፈለግለት፤ ቡፌው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ወይም በእነዚያ ልሙጥ ትራሶች ላይ። እንጨቱ ወይም ልሙጡ ጨርቅ ከሥሩ ሲሆን የጥልፉ ቀዳዳ ሁሉ ይታያል፤ አበባ ላይ ግን ይጠፋል። ደግሞ ስስ መጋረጃ ሊገዙ ሲሄዱ ዳንቴሉን ይዘውት ይሂዱ። የቆየ ጥጥ ወደ ቢጫ ያደላል፤ አዲስ ስስ መጋረጃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ዳንቴሉን ያልታጠበ ያስመስለዋል። በር ላይ አውጥተው ያስተያዩዋቸው፤ ዳንቴሉ ካደፈ ስስ መጋረጃውን ከነጩ ሳይሆን ከክሬሙ ይግዙ።